በገጹ ጠርዝ ላይ ያለው አረንጓዴ

እኔ ሰው ሲያዝንልኝ አልወድም። ይሄን አስቀድሜ ልናገር፣ ምክንያቱም የነገሩ ሁሉ መነሻ እሱ ነው። ብትፈልጉ ስደቡኝ፣ ብትፈልጉ ፊት ንሱኝ፣ እችለዋለሁ። «ውይ፣ ምስኪን!» ካላችሁኝ ግን ደሜ ይፈላል። እህቴ ይሄን ጠባዬን ከማንም በላይ ታውቃለች። እያወቀች ነው ያዘነችልኝ።

ሁለታችን ብቻ ነን። እናታችን ስትሞት እሷ የወተት ጥርሷን ገና መንቀሏ ነበር። እኔ ትምህርቴን ልጨርስ ጥቂት ሲቀረኝ አቋርጬ አንድ ትልቅ ፋርማሲ ሥራ ገባሁ። መጀመሪያ ካርቶን ማራገፍ፣ ቀጥሎ መደርደሪያ ማስተካከል፣ እያለ እያለ ከመስታወቱ ጀርባ ቆሜ ለሰው መድኃኒት እስከማውጣት ደረስኩ። ፋርማሲስቱ ማዘዣውን ያያሉ፣ እኔ አወጣለሁ፣ እሳቸው መልሰው ያያሉ፣ እኔ ለሰውየው አስረዳለሁ። ያቺ ማስረዳቷ ላይ ነፍሴ ነበረች። «እማማ፣ ይሄ ጠዋት፣ ይሄ ምግብ ከበሉ በኋላ፣ ደግሞ እንዳይዘነጉ» እላለሁ፣ እማማም መርቀውኝ ይሄዳሉ። ከዚያ መስታወት ጀርባ ውጪ በዓለም ላይ የኔ የምለው ቦታ አልነበረኝም። ይሄን የምለው እያጋነንኩ አይደለም።

እህቴ በዚሁ ሥራ አደገች ማለት ይቻላል። ጎረምሳ የማይሞክራት፣ መጽሐፍ ብቻ የምታይ ልጅ ወጣት። አብረዋት የሚማሩት «ቀለሜ» ይሏታል። ጎበዝ ተማሪ የሚባል ሁሉ የሚወጣለት ስም ነው፣ ግን እሷ ላይ ተለጥፎ ቀረ፣ ቤትም ድረስ ገባ። እኔም ቀለሜ ነው የምላት። እሷ እኔን እትዬ ትለኛለች። ሲላት ደግሞ እማ። ኮሌጅ ስትገባ ምን ብታጠና ጥሩ ነው? የመድኃኒት ቤት ባለሙያነት። «ሌላ ነገር ጠፍቶ ነው?» ስላት «አንቺ ያለሽበት ይሻለኛል» አለችኝ። ምን ትላታላችሁ እንግዲህ?

እሷ ልትመረቅ ስትል አዲስ መመሪያ መጣ። ከመስታወቱ ጀርባ የሚቆም ሁሉ የብቃት ምዘና ፈተና ይውሰድ፣ የምስክር ወረቀት የሌለው አይቁም። ለእንደኔ ዓይነቶቹ በልምድ ለገባነው፣ ከሥራ መልስ አጭር ኮርስ ተዘጋጀልን፣ ከዚያ እንደማንኛውም ተማሪ ከተመራቂዎቹ ጋር ተቀምጠን እንፈተናለን። ፋርማሲስቱ ጠርተው አስቀመጡኝ።

«ልጄ፣ በኔ ቢሆን አንቺን በማንም አልለውጥሽም» አሉኝ። «ግን ወረቀቱን አምጪልኝ። ካላመጣሽ ቦታው ላይ ወረቀት ያለው ሰው ማቆሜ ነው። ተቆጣጣሪዎቹ ከመጡ መድኃኒት ቤቱን ነው የሚያሽጉት።»

«አመጣለሁ» አልኳቸው። አፌ አያርፍም መቼስ።

እንግዲህ እኔና ቀለሜ አንድ ፈተና፣ በአንድ ቀን ልንቀመጥ ነው። አሳድጌ ያስተማርኳት ልጅ የክፍል ጓደኛዬ ሆና ቁጭ። መጀመሪያ ላይ ስንስቅ ነው የከረምነው።

ሳቁ የቆመው የኔን ማስታወሻ ያየች ቀን ነው። እኔ የተማርኩትን የምጽፈው ያገኘሁት ላይ ነው። ግማሹ ደብተር ላይ፣ ግማሹ የመድኃኒት ካርቶን ገልብጬ ጀርባው ላይ፣ ግማሹ ደረሰኝ ላይ። ጠረጴዛው ላይ ዘረገፍኩላት። ቀለሜ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ቆመች።

«እትዬ፣ ይሄ ምንድነው?»

«ማስታወሻ ነዋ!»

«ይሄማ ጥራጊ ነው።»

እሷ ገና ኮሌጅ ስትገባ ጀምሮ የራሷ ዘዴ ነበራት። ንጹሕ ወረቀት፣ በማቀፊያ የሚታሰር፣ አንድ የመድኃኒት ቡድን ባንድ ገጽ። መጀመሪያው ገጽ ላይ የቀለሞቹ መፍቻ ተጽፏል፣ ቢጫ የመድኃኒቱ ስምና ቡድኑ፣ ሰማያዊ አወሳሰዱና መጠኑ፣ ብርቱካንማ የጎንዮሽ ጉዳቱ፣ ሮዝ ደግሞ «ለማን አይሰጥም» የሚለው። አንዴ የተሰጠ ትርጉም በሁሉም ትምህርት ላይ አይቀየርም። ሮዝ ካየሽ ቁሚ ማለት ነው፣ የትም ገጽ ላይ ይሁን። የኔን ዝርክርክ ሁሉ ሰብስባ፣ ከሷ ጋር አስተያይታ፣ ለሁለታችን የሚሆን አንድ ጥራዝ አዘጋጀች። ጽሑፏ ሲታይ ያስጎመጃል።

ማቅለሙን ግን ለኔ ተወችልኝ። «ራስሽ ካላቀለምሽው አይገባሽም» አለችኝና ሃይላይተሮቹን ሰጠችኝ። እኔም ወንበሬን ስቤ ቁጭ አልኩና ጀመርኩ። ሁሉም ነገር አስፈላጊ መሰለኝ። ይሄም ሊመጣ ይችላል፣ ያም ሊመጣ ይችላል እያልኩ ገጹን ከላይ እስከ ታች ቢጫ አለበስኩት። የእስክሪብቶው ቀለም ሳይደርቅ ስለጀመርኩ ደግሞ ጽሑፉ ተጨማለቀ፣ የሃይላይተሩም አፍ ጠቆረ። ኩራቴ አይጣል! ጠርቼ አሳየኋት።

«ጉድ ፈላ!» አለች። «እትዬ፣ ሁሉን ካቀለምሽው ምኑን ለየሽው? ባዶ ወረቀት ማለት እኮ ነው፣ ቢጫ ሆኖ።»

«አታመናጭቂኝ! እኔ ነኝ ጡጦ ያጠባሁሽ።»

«ጡጦ አላጠባሽኝም፣ ትልቅ ልጅ ነበርኩ። ቁጭ በይ።»

ከዚያ አስተማረችኝ። መጀመሪያ ገጹን ቀለም ሳትነኪ አንብቢ። እጅሽን እሰሪ፣ ልብሽን ፍቺ። ሁለተኛ ስታነቢ ነው የምታቀልሚው፣ ያውም ሙሉ መስመር ሳይሆን ቁልፏን ቃል ብቻ። «ኢናላፕሪል ለነፍሰ ጡር አይሰጥም» ከሚለው ላይ «ነፍሰ ጡር» የምትለዋን በሮዝ፣ በቃ። ቀለሙ ከነጩ ከበለጠ ተሳስተሻል። ያቺን የተበላሸች ገጽ እንደገና ጻፈችልኝና በሥርዓቱ ሠራሁት። ስጨርስ ገጹ እውነትም ይናገር ነበር። ከሩቅ አይቼ አደገኛው የቱ ጋ እንዳለ አውቃለሁ። ደስ አለኝ፣ ምን እዋሻለሁ።

ዋናው ግን ይሄ አይደለም፣ ጠርዙ ነው። ቀለሜ ከጽሕፈት መሣሪያ መሸጫ ትንንሽ ባለ ቀለም ተለጣፊ ወረቀቶች ገዛች። በገጹ ጠርዝ ላይ ትንሽ ወጣ ብለው ይለጠፋሉ። ቀይ «አላውቀውም»፣ ቢጫ «እጠራጠራለሁ»፣ አረንጓዴ «አውቀዋለሁ»። ቀይ በየቀኑ ይከለሳል፣ ቢጫ በየጥቂት ቀኑ፣ አረንጓዴው እስከ መጨረሻው ሳምንት አይነካም። እንዲህ ካልሆነ ሰው የሚያውቀውን ደጋግሞ እያነበበ ራሱን ያታልላል፣ ደስ ስለሚል። የሷ ምልክቶች ከላይ በኩል፣ የኔ በቀኝ በኩል ሆኑ።

አንድ ጥብቅ ሕግ ነበራት። «እትዬ፣ ገጹን ሳትዘጊ አረንጓዴ የለም። ዘግተሽ፣ ከአፍሽ አውጥተሽ፣ ገልጠሽ አመሳክረሽ፣ ከዚያ ነው የምትቀይሪው። ደግሞ ማንም ለማንም አይቀይርም። ያንቺን የምታውቂው አንቺ ብቻ ነሽ።» ይሄን ራሷ ናት ያለችው። በራሷ አፍ!

የሷ ጠርዝ ቶሎ አረንጓዴ ሆነ። የኔው ቀይ እንደሆነ ቀረ። ጥራዙን ይዤ ሥራ እሄዳለሁ፣ ምሳ ሰዓት ላይ ከኋላ ዕቃ ቤት ካርቶን ላይ ተቀምጬ እገልጣለሁ፣ ገጹን እዘጋለሁ፣ አፌን እከፍታለሁ፣ ምንም። አንዳንዱ ይቀላል። የጨጓራው፣ የአንቲባዮቲኩ፣ የስኳሩ፣ በየቀኑ ስለማወጣቸው ነው መሰለኝ ገቡልኝ። የልብና የግፊቱ ግን አልገባ አለኝ። በተለይ እነዚያ ሽንት የሚያሸኑት። አንዱ ፖታሲየምን ከሰውነት ያስወጣል፣ ሌላው ያስቀራል፣ የትኛው ከየትኛው ጋር እንደማይሄድ ይደበላለቅብኛል። ዛሬ ይዤው ነገ የለም።

አንድ እሑድ ረፋድ ላይ አለቀስኩ። ጥራዙን ዘግቼ ጎኑን አየሁት፣ ቀይ በቀይ። «ይሄ ሁሉ ቀይ እኮ እኔ ነኝ!» አልኩና ጠረጴዛው ላይ ተደፋሁ። «ደንቆሮ! የደረቀ ጭንቅላት! ይሄን ሳይ መጽሐፉን ባልገልጠው ደስ ይለኛል፣ ልተወው ነው» እያልኩ አነባሁ። ቀለሜ ፊት አልቅሼ አላውቅም፣ እናታችን የሞተች ቀን እንኳ ጓሮ ሄጄ ነው ያለቀስኩት። እሷ ደንግጣ ቆማ ቀረች። ከዚያ መጥታ ጀርባዬን ደባበሰችኝ። «እሺ እማ፣ እሺ፣ ዛሬ ይብቃን» አለችኝ። እኔም አፍንጫዬን ጠርጌ «ሂጂ ወዲያ፣ ጉንፋን ነው» አልኳት።

ከዚያ ወዲህ ነገሩ ተሻለ። እንግዲህ እኔ የተሻለ መሰለኝ።

በሚቀጥለው ሳምንት ጥራዙን ስገልጥ ከቀዮቹ መሀል አረንጓዴ በርከት ብሎ አየሁ። የልብና የግፊቱም ገጽ ሳይቀር፣ የአሸኚዎቹም። ቆም አልኩ።

«ቀለሜ፣ ይሄን መቼ ነው አረንጓዴ ያደረግሁት?»

ወጥ ቤቱ ጋ ነበረች፣ ዕቃ እያጠበች። «ባለፈው ስጠይቅሽ አላወጣሽውም እንዴ?» አለችኝ ሳትዞር። «ሲገባሽ እኮ አይታወቅሽም።»

አመንኳት። ለምን አላምናት? የደከመው ሰው የትናንቱን የት ያስታውሳል? ያን ሰሞን ከሥራ እየሮጥኩ ኮርስ፣ ከኮርስ እየሮጥኩ ቤት ነበርኩ፣ ስንት ጊዜ እንደጠየቀችኝ፣ ስንቱን እንደመለስኩ አላውቅም ነበር። ደግሞም ማመን ፈለግሁ። ጎኑን ሳየው አረንጓዴ ነው፣ ልቤ ቀለል አለኝ። «ለካ ሰው ነኝ» አልኩ። በሕጉ መሠረት አረንጓዴውን ትቼ የቀሩትን ቀዮች ስቀጠቅጥ ሰነበትኩ። እነሱንም ዘግቼ፣ አውጥቼ፣ አመሳክሬ በሐቅ ቀየርኳቸው። በመጨረሻው ሳምንት አረንጓዴውን ሁሉ አንድ ጊዜ ማየት ነበረብን፣ ግን ሳምንቱ የዕቃ ቆጠራ ሆነና ሙሉ ቀን መጋዘን ዋልኩ። ቀለሜም ትኩሳት ይዟት ተኛች። ለአረንጓዴዎቹ ጊዜ አልተረፈም። እኔም አልሰጋሁም፣ የማውቃቸው ናቸዋ።

የፈተናው ቀን ጎን ለጎን ሄድን። ክፍላችን ተለያየ። በሩ ላይ ጸጉሬን አስተካከለችልኝ። «አይዞሽ እማ» አለች። ዓይኔን ሳታይ ቶሎ ዞረች። ትኩሳቱ መስሎኝ «ውኃ ጠጪ» አልኳት።

መጀመሪያው ጥሩ ሄደ። የአንቲባዮቲኩን ስደርስበት ፈገግ አልኩ። ከዚያ ኢናላፕሪል የሚባለውን የግፊት መድኃኒት ስለሚወስድ ሰው ጥያቄ መጣ። ከሚከተሉት የትኛው ቢጨመርለት ፖታሲየሙ ከልክ በላይ ይጨምርበታል? ምርጫዎቹ ውስጥ ፉሮሴማይድ አለ፣ ስፓይሮኖላክቶን አለ፣ ሁለቱም ከአሸኚዎቹ። ገጹን አስታወስኩት። አቤት፣ እንዴት ብዬ ልንገራችሁ! ገጹ ዓይኔ ላይ መጣ። ርዕሱ ከላይ አለ፣ ቢጫዋ ቃል የት እንዳለች አውቃለሁ፣ ሮዟም አለች፣ በቀኝ ጠርዙ ላይ አረንጓዴዋ ምልክት ቁልጭ ብላ ትታየኛለች። የተጻፈው ግን የለም። ቀለሙን አየዋለሁ፣ ቃሉን አላነበውም። «የማውቀው ነው፣ የማውቀው ነው» እያልኩ ተቀመጥኩ። የማላውቀው ቢሆን ዘልዬው እሄድ ነበር። ይሄ ግን የማውቀው ነው ተብያለሁ፣ ሙጭጭ አልኩበት። ቀጣዩም ከዚያው ገጽ ነበር፣ ከሱ ቀጥሎ ያለውም። ሰዓቱ ሲያልቅ የመጨረሻዎቹን ጥያቄዎች ሳላነብ ነው ያጠቆርኳቸው።

ውጤቱ ኮሌጁ ግድግዳ ላይ ተለጠፈ። የቀለሜ ስም ከላይ ነው፣ ከመጀመሪያዎቹ ተርታ። እልል ልል አፌን ከፈትኩ። የኔን ከታች አገኘሁት። አላለፈም ይላል። ከማለፊያው የጎደለኝ ትንሽ ነው፣ የአንድ ገጽ ያህል። ቀለሜ ቀድማኝ አይታው ኖሮ ግድግዳውን ተደግፋ ቆማለች። የራሷን ስም እንኳ ያየች አልመሰለኝም።

«እንኳን ደስ ያለሽ» አልኳትና አቀፍኳት። እቅፌ ውስጥ እንደ እንጨት ሆነች።

ቤት ስንገባ ሻርፗን ሳታወልቅ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። «እትዬ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ» አለች። «እንዳትመቺኝ።»

መትቻት አላውቅም። አንዴም።

ነገረችኝ። ያን እሑድ ካለቀስኩ በኋላ ነው። ጥራዙ ከኔ ጋር በየቀኑ ቦርሳ ውስጥ ሲመላለስ ርካሾቹ ተለጣፊዎች ሙጫቸው ለቆ ቦርሳው ሥር ረግፈው አገኘቻቸው፣ ቀዩም ቢጫውም ተጨማድደው። ልትመልሳቸው ተቀመጠች። አንዳንዱ የት እንደነበረ ታውቃለች፣ አንዳንዱን አታውቅም። «መጀመሪያ ልጠይቅሽ ነበር» አለች። «ከዚያ ግን ትዝ አልሽኝ፣ ያ ሁሉ ቀይ እኔ ነኝ ያልሽው። እንደገና በቀይ ልሙላልሽ? እጄ እምቢ አለኝ፣ እማ። የማላውቀውን ቦታ ሁሉ አረንጓዴ አደረግሁት። የማውቀውንም... አንዳንዱን አውቄ ነው። ተስፋ እንዳትቆርጪ ብዬ። በሌላ መንገድ በቃል እጠይቅሻለሁ ብዬ ነበር፣ የመጨረሻው ሳምንት ላይ። ከዚያ ታመምኩ። ማታ ማታ ልንገራት እላለሁ፣ ደስ ብሎሽ ስታነቢ ሳይሽ ያቅተኛል።»

ጮህኩ።

«ማን እዘኚልኝ አለሽ? ማን? እኔ አንቺን ስንት ነገር ደብቄ አሳደግሁሽ? ተርቤ በልቻለሁ ብዬሽ አውቃለሁ፣ እሱ ሌላ ነው! አንቺ ልጅ ነበርሽ! እኔ ልጅ ነኝ? ቀይ ነው ብትይኝ እሞታለሁ? አልቅሼ እነሣ ነበር! አልቅሼ እነሣ ነበር፣ ሰማሽ?»

እሷ «እሺ፣ እሺ» ብቻ ትላለች። ጎረቤት እስኪሰማ ጮህኩ። ያመመኝ መውደቄ አልነበረም። ቆይቶ ነው የገባኝ። ያመመኝ፣ ያሳደግኳት ልጅ አይታኝ አይታኝ፣ እውነቱን የማትችል ደካማ ሴት አድርጋ መፈረጇ ነው። ሲደክመኝ ተቀመጥኩ። እሷ ሻርፗን አፏ ውስጥ ከታ ታለቅስ ነበር፣ ልጅ ሆና እንደምታደርገው። ልቤ ተንሰፈሰፈ። «ነይ» አልኳት። መጣችና እግሬ ሥር ተቀመጠች። ይቅር አልኳት፣ እውነቴን ነው። ቁጣው ግን አልወጣም፣ ሁለቱም አንድ ላይ ኖሩ።

ፋርማሲስቱ ጋ ሄጄ ራሴ ነገርኳቸው። መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን አሹ። ፈተናው እንደገና የሚሰጠው በሚቀጥለው ዓመት ነው፣ ቦታው ደግሞ ዓመት አይጠብቅም። «የዕቃ ቤቱን ሥራ ልስጥሽ?» አሉኝ። ከካርቶን ተነሥቼ ካርቶን ላይ ልመለስ? «አይ ጋሼ፣ ይቆይልኝ» አልኳቸው። ልወጣ ስል ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«እህትሽ አልፋለች አሉ። በጥሩ ውጤት።»

«አዎ።»

«ለሌላ ሰው ከምሰጠው... አንቺ ቅር ካላለሽ...»

ቅር አለኝ። እንዴት ቅር አይለኝ! ያ መስታወት፣ ያ መስኮት፣ ያቺ ወንበሬ! «ደስ ይለኛል» አልኳቸው።

ቀለሜ ስትሰማ አሻፈረኝ አለች። «ብሞት አልገባም! ሌላ ቦታ እፈልጋለሁ» አለች። ሌላ ቦታ የት ነው? ቤት ኪራይ አለ፣ መብላት አለ፣ ከሁለት አንዳችን መሥራት አለብን። «እኔ ለዚህ ነው ያስተማርኩሽ? ቤት ልትቀመጪ?» ብዬ ተቆጣኋት። ተቆጥቼ ስናገር እሺ ማለቷን አውቃለሁ። እሺ አለች።

የመጀመሪያ ቀኗ ጠዋት ነጭ ጋውኗን ተኮስኩላት። በር ላይ ቆማ «እትዬ፣ ቅሪ ካልሽኝ እቀራለሁ» አለችኝ። «ሂጂ፣ ሰው ተሰልፎ ይጠብቅሻል» አልኳትና ወደ ደረጃው ገፋ አደረግኳት። ደረጃውን ስትወርድ ኮቴዋ እስኪጠፋ ቆምኩ።

ከዚያ ቤት ገባሁ። በዚያ ሰዓት ቤታችን ምን እንደሚመስል አላውቅም ነበር ለካ። ፀሐይ በየት በኩል እንደምትገባ፣ ከላይ ያሉት ጎረቤቶች ልጃቸውን ስንት ጊዜ እንደሚጠሩ፣ ምንም። አልጋ አነጠፍኩ። ዕቃ አጠብኩ። የታጠበውን መልሼ አጠብኩ። መስኮቱ ጋ ቆሜ ወደ ሥራ የሚሮጠውን ሰው አየሁና ቀናሁ፣ አውቶቡስ ላመለጠው ሰው እንኳ ቀናሁ። አሁን እማማ መጥተው ይሆናል፣ አሁን «ያቺ ልጅ የት ሄደች?» ይሏት ይሆናል፣ ምን ትመልስላቸው ይሆን እያልኩ ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ። አለቀስኩ። ቤቱ ባዶ ስለሆነ ድምፄን አውጥቼ፣ እሪ ብዬ።

እዚያው እንዳለሁ ስልኬ ጮኸ። ቀለሜ ናት። ከኋላዋ የሰው ድምፅ፣ የመሳቢያ መከፈትና መዘጋት ይሰማኛል፣ ሁሉንም በድምፁ አውቀዋለሁ።

«እማ፣ የሕፃናት ሽሮፕ መለኪያው የት ነው? ጋሼ የሉም።»

«ሁለተኛው መሳቢያ፣ ከጓንቱ ሥር» አልኳት። ፊቴን በእጄ ጠረግሁ፣ የምታየኝ ይመስል።

«አገኘሁት።» ሰው እየጠበቃት ነው፣ ግን አልዘጋችውም። «እማ... ድምፅሽ ምን ሆነ? እያለቀስሽ ነው እንዴ?»

ልነግራት አፌን ከፈትኩ። ያን ሁሉ የጮህኩባት እውነቱን ንገሪኝ ብዬ ነው አይደል? ግን ገና የመጀመሪያ ቀኗ ነው፣ መስታወቱ ፊት ሰው ቆሟል፣ እጇ ውስጥ የሕፃን መድኃኒት አለ።

«ኧረ ተኝቼ ነው» አልኳት። «ዕድሜ ላንቺ፣ ስንት ዓመት ያላገኘሁትን እንቅልፍ ነው የተኛሁት። ምን ያስለቅሰኛል? ደህና ነኝ።»

«እውነትሽን ነው?»

«እውነቴን ነው።»

«ተመስገን» አለች። ከልቧ እንደተነፈሰች በስልኩ ተሰማኝ። ከዚያ ለሰውየው «ይቅርታ አባባ፣ አቆየሁዎት» ስትለው ሰማሁና ተዘጋ።